የፍሬን ሸራ መቀየርን በምሳሌነት፦ በብቃት ላይ ስለተመሠረተ የአሃድ ዕቅድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተጻፈው ሰልጣኙ እውነተኛ የሥራ ቦታ ተግባር ሠርቶ በማሳየት የሚመዘንበትን የአሃድ ዕቅድ ለሚያዘጋጁ የሙያ አሰልጣኞች ነው። መልሶቹ ከመሬት እንዳይርቁ አንድ ሥራ ብቻ ይዘን እንሄዳለን፤ የፊት ዲስክ ፍሬን ሸራን መርምሮ መቀየር። ሙያችሁ ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ዕቅዱን ከየት እንጀምር?

ከመጨረሻው። ሰልጣኙ አሃዱን ሲጨርስ ማንም ሳይረዳው ሊሠራው የሚገባው ተግባር መጀመሪያ ይጻፍ። ቀጥሎ ያንን ተግባር መሥራቱን የሚያሳምነን ማስረጃ ምን እንደሆነ ይወሰን። ከዚያ የምዘና ቅጹ ይዘጋጅ። የየቀኑ ትምህርት የሚታቀደው ከእነዚህ ሦስቱ በኋላ ነው።

ብዙ ዕቅዶች የሚበላሹት ከመማሪያ መጽሐፍ ማውጫ ስለሚነሱ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት "የፍሬን ዓይነቶች"፣ ሁለተኛው "የሃይድሮሊክ መርህ"፣ ሦስተኛው "የዲስክ ፍሬን ክፍሎች" ይባልና የተግባር ሥራ በተረፈው ጊዜ ይገባል። እንዲህ ያለ ዕቅድ በቀላሉ ይለያል። ርዕሶቹ በሙሉ የነገር ስሞች ናቸው፤ ሰልጣኙ ምን እንደሚሠራ የሚናገር ግስ የለባቸውም። የምዘና ቅጹም ስልጠናው ሊያልቅ ሲል በችኮላ የሚጻፍ ይሆናል። የሃይድሮሊክ መርህ አይቅር፤ ግን የሚገባው ለሥራው በሚያስፈልግበት ቦታና በሚያስፈልገው መጠን ነው። ለምሳሌ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ሲገፋ የፍሬን ዘይቱ በማጠራቀሚያው ውስጥ ለምን ከፍ እንደሚል ሲገለጽ መርሁ ቦታውን ያገኛል።

አንድ አሃድ ምን ያህል ሥራ ይያዝ?

ጥሩ መለኪያ የሚሆነው የጋራዥ ኃላፊ ለአንድ ሠራተኛ "ይህን ጨርስ" ብሎ የሚሰጠው ሥራ ነው። መነሻና መድረሻ አለው፤ ሲያልቅም የሚረከበው ሰው አለ። "የፍሬን ሲስተም መጠገን" ብዙ ሥራዎችን አንድ ላይ ስለሚያጭቅ ለአንድ አሃድ ይበዛል። "የጎማ ዳዶ መፍታት" ደግሞ የሌላ ሥራ ቁራጭ እንጂ ለብቻው ሥራ አይደለም። "የፊት ዲስክ ፍሬን ሸራ መርምሮ መቀየር" ልኩን የጠበቀ ነው። የሚጀምረው የሥራ ትዕዛዝ በመቀበል ሲሆን የሚያበቃው መኪናው ተፈትሾ፣ መዝገቡ ተሞልቶ ሲመለስ ነው።

"መርምሮ" የሚለው ቃል በርዕሱ ውስጥ የገባው ታስቦበት ነው። ከጠፋ ሰልጣኙ የሚማረው አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ማስገባት ብቻ ይሆናል። በሥራ ቦታ ግን ሰውን መካኒክ የሚያሰኘው ከመቀየሩ በፊት የሚሰጠው ውሳኔ ነው።

ሥራውን እንዴት እንበትነው?

ከትዝታ አይጻፍ። ሥራውን ለዓመታት የሠራ ሰው ብዙ እርምጃዎችን ሳያስባቸው ስለሚያልፋቸው ሲጠየቅም አይነግረንም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ሥራውን ሲሠሩ ቆሞ ማየት፣ እያንዳንዱን እርምጃ በቅደም ተከተል መጻፍ፣ ሰዓቱንም መያዝ ያስፈልጋል። ሠራተኛው አንድ ነገር አይቶ ወይም ዳስሶ ዝም ብሎ ካለፈ "አሁን ምን አየህ? ሌላ ሆኖ ብታገኘው ምን ታደርግ ነበር?" ብሎ መጠየቅ ነው። በእጅ እንቅስቃሴ የማይታየው ውሳኔ የሚወጣው በዚህ ጥያቄ ነው።

በእኛ ምሳሌ ሥራው በአምስት ንዑስ ተግባራት ይከፈላል። የመጀመሪያው ዝግጅት ነው፤ የሥራ ትዕዛዙን ማንበብ፣ የኋላ ጎማዎችን በታኮ ማገድ፣ መኪናውን በክሪክ አንስቶ በካቫሌቶ ላይ ማሳረፍና ጎማውን ማውጣት። ሁለተኛው ካሊፐሩን ፈትቶ ሸራዎቹን፣ ተንሸራታች ፒኖቹን፣ የፒስተኑን የአቧራ ጎማና የዘይት ቱቦውን መመርመር ነው። ሦስተኛው ዲስኩንና ሸራውን ለክቶ መወሰን ነው። አራተኛው ፒኖቹን አጽድቶ መቀባት፣ ፒስተኑን መግፋት፣ አዲሱን ሸራ መግጠምና ብሎኖቹን በማንዋሉ ልክ ማጥበቅ ነው። አምስተኛው ማረጋገጥና ማስረከብ ነው፤ ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ ማጠንከር፣ የዘይቱን መጠን ማየት፣ በዝግታ ነድቶ መፈተሽና መዝገቡን መሙላት።

ሸራ የሚቀየረው በአንድ አክስል በሁለቱም ጎን መሆኑ በብተናው ላይ በግልጽ ይቀመጥ። በአንድ ጎን ብቻ አዲስ ሸራ ከተገጠመ የሁለቱ ጎማዎች የማቆም ኃይል ሊለያይና መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ሊስብ ይችላል።

የአፈጻጸም መስፈርት ሲጻፍ ምን ይበላሻል?

በብዛት የሚያጋጥመው ችግር "በትክክል"፣ "በጥንቃቄ"፣ "በአግባቡ" የሚሉት ቃላት ናቸው። "ዲስኩን በትክክል ይለካል" የሚለውን መስፈርት ሁለት መዛኞች ቢያነቡት ሁለት የተለያየ ነገር ይጠብቃሉ። አንዱ መሣሪያውን ማንሳቱ ይበቃዋል፤ ሌላው ንባቡን ራሱ ለክቶ ያመሳክራል።

ያው መስፈርት እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ "የዲስኩን ውፍረት በማይክሮሜትር፣ ከውጭ ጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ በዙሪያው ቢያንስ በ4 ቦታ ይለካል። ንባቦቹን ይመዘግባል። ከሁሉም ያነሰውን ንባብ በዲስኩ ላይ ወይም በማንዋሉ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ጋር ያነጻጽራል፤ ይቀጥል ወይም ይቀየር የሚለውን ውሳኔ በሥራ ትዕዛዙ ላይ ይጽፋል።"

"10 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ" የሚለው ዝርዝር ለጌጥ አልገባም። ሸራው የማይነካው የዲስኩ ጠርዝ ስለማይበላ በጊዜ ብዛት ከንፈር ያወጣል። ሰልጣኙ ተራ ቬርኒየር ይዞ ከውጭ ቢለካ የመሣሪያው መንጋጋ በከንፈሩ ላይ ያርፍና ዲስኩ ከእውነቱ የወፈረ ይመስላል። መጣል ያለበት ዲስክ "ደህና" ተብሎ የሚያልፈው እንዲህ ነው። ስህተቱ የሚፈጠርበት ቦታ ከታወቀ መስፈርቱ እዚያ ላይ ዝርዝር ይሁን፤ ስህተት በማይፈጠርበት ቦታ አጭር ቢሆን ችግር የለውም።

መዛኙ ራሱ አስቀድሞ ለክቶ ያስቀመጠው ንባብም ይኑረው። ሰልጣኙ በተመሳሳይ ነጥብ ያገኘው ከመዛኙ ጋር በ0.05 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከሆነ ተቀባይነት አለው ብሎ መወሰን ለዚህ ሥራ ምክንያታዊ ነው። የማጥበቂያ ልክን ግን በቁጥር በመስፈርቱ ውስጥ አይጻፉ። ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ሰልጣኙ ሊማር የሚገባውም ቁጥሩን መሸምደድ ሳይሆን ከማንዋሉ ፈልጎ ቶርክ ሬንቹን በዚያ ልክ መሙላት ነው።

በሌላ በኩል መስፈርት ማብዛትም ይጎዳል። 60 ረድፍ ያለው ቅጽ የያዘ መዛኝ ዓይኑ ከወረቀቱ ስለማይነሳ ሥራውን አያይም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ በግምት ምልክት ያደርጋል። የዚህን ያህል ስፋት ላለው ሥራ ከ15 እስከ 25 ረድፍ ይበቃል።

ሰልጣኙ ከ100 ስንት ሲያገኝ ብቁ ይባል?

በመቶኛ ባይሰጥ ይመረጣል። ምክንያቱ ከዚሁ ሥራ ይታያል። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ተገፍቶ አዲስ ሸራ ሲገጠም በፒስተኑና በሸራው መካከል ክፍተት ይቀራል። ፔዳሉ በቆመ መኪና ላይ ተደጋግሞ ካልተረገጠ የመጀመሪያው ርግጫ ክፍተቱን በመሙላት ስለሚያልቅ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናውም አይቆምም። አሁን 20 ረድፍ ካለው ቅጽ ላይ 19ኙን ያሟላ፣ ይህችን ብቻ የረሳ ሰልጣኝ 95 ከመቶ ያገኛል። ቁጥሩ ጎበዝ ይለዋል፤ መኪናው ግን ግድግዳ ላይ ነው።

ስለዚህ ረድፎቹ በሁለት ይከፈሉ። ወሳኝ የሆኑት አንዷ እንኳ ብትጎድል ውጤቱ "ገና ብቁ አይደለም" የሚሆንባቸው ናቸው። ለሌሎቹ ደግሞ ምን ያህል ጉድለት እንደሚታለፍ አስቀድሞ ይጻፋል። በእኛ ቅጽ ላይ ወሳኝ የምንላቸው ስድስት ናቸው፦ ጎማው ከመውጣቱ በፊት መኪናው ታኮ ተደርጎለት በካቫሌቶ ላይ ማረፉ፤ የተፈታው ካሊፐር በዘይት ቱቦው ላይ ሳይንጠለጠል በሽቦ ወይም በመንጠቆ መታሰሩ፤ የዲስኩ ውፍረት ከዝቅተኛው ልክ ጋር ተነጻጽሮ ትክክለኛው ውሳኔ መሰጠቱ፤ የሸራውና የዲስኩ የመፋተጊያ ገጽ ከግሪስና ከዘይት ንጹሕ መሆኑ፤ የካሊፐር ብሎኖችና የጎማ ዳዶዎች በቶርክ ሬንች መጥበቃቸው፤ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ ተረግጦ መጠንከሩ።

ሁሉንም ወሳኝ የማድረግ ፈተና ይመጣል። አይቀበሉት። 20ውም ረድፍ ወሳኝ ከሆነ ማንም አያልፍም፤ መዛኞችም ሳይነጋገሩ አንዳንዱን መዝለል ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወዲያ የትኛው እንደሚዘለል የሚያውቅ የለም። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ "ይህ ቢጎድል ሰው ይጎዳል ወይ? ወይስ ሥራው ተመልሶ ይመጣል?" የሚለው ነው። ሰው የሚጎዳ ከሆነ ወሳኝ ነው።

አንድ ነገር ከምዘናው በፊት ይወሰን፤ ሰልጣኙ ስቶ ራሱ ቢያርምስ? ግሪስ የነካውን ሸራ አይቶ ለብቻው አስቀምጦ ሌላ ካመጣ በእኛ እምነት አሟልቷል። ስህተቱን ማየትና ማረም ራሱ ብቃት ነው። በካቫሌቶ ያላረፈ መኪና ሥር እጁን ያስገባ ሰልጣኝ ግን ወዲያው ይቆም፤ እዚያ ላይ እስኪያርም መጠበቅ አይቻልም።

መዛኙ ሁሉን ነገር ማየት ካልቻለስ?

የማቆሚያ ነጥቦች ይኑሩ። ሰልጣኙ እነዚህ ላይ ሲደርስ ሥራውን አቁሞ መዛኙን ይጠራል፤ ሳይታይ አያልፍም። ለዚህ ሥራ ሦስት ይበቃሉ። አንደኛው መኪናው ካቫሌቶ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ሁለተኛው ከልኬቱና ከውሳኔው በኋላ፣ አዲሱ ሸራ ከመገጠሙ በፊት ነው። ሦስተኛው ጎማው ከመመለሱ በፊት ነው። የፔዳሉ ጉዳይ በማቆሚያ ነጥብ አይገባም፤ ጥሪው ራሱ ስለሚያስታውሰው ሰልጣኙ ያለ አስታዋሽ ማድረጉን ማየት አይቻልም። እዚያ ላይ መዛኙ በዝምታ አጠገቡ ይቁም። ሰልጣኙ ሳይረግጥ መኪናውን ሊያንቀሳቅስ ከተነሳ ያኔ ያስቆመዋል።

ዕውቀቱን በጽሑፍ ፈተና ነው ወይስ በቃል የምንመዝነው?

ለእንዲህ ያለ አሃድ ሥራው እንዳለቀ እዚያው መኪናው አጠገብ የሚጠየቁ 4 ወይም 5 የቃል ጥያቄዎች ከረጅም ፈተና የተሻለ ይነግሩናል። ጥያቄዎቹ እጁ የሠራውን ለምን እንደሠራ ወይም ሁኔታው ቢለወጥ ምን እንደሚያደርግ የሚያወጡ ይሁኑ። "የፍሬን ክፍሎችን ዘርዝር" እዚህ ቦታ የለውም፤ አሁን ፈትቶ ገጥሟቸዋል።

ከጥያቄው እኩል የሚጠበቀው መልስም ይጻፍ። ለምሳሌ "ከዚሁ ካሊፐር የወጡት ሁለት ሸራዎች አንዱ ከሌላው እጅግ በልጦ ተበልቶ ብታገኝ ምን ትጠረጥራለህ?" ለሚለው የሚጠበቀው መልስ "ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ በነፃነት አይንሸራተትም፣ ወይም ፒስተኑ በደንብ አይመለስም" ነው። ሰልጣኙ "ፒኑ ደርቋል" ወይም "ይዞታል" ቢል ያው ነው፤ ይህም በመልሱ ሥር ይመዝገብ። ካልተመዘገበ አንዱ መዛኝ የመጽሐፉን ቃል ይጠብቃል፤ ሌላው የጋራዡን ይቀበላል።

ወርክሾፑን የሥራ ቦታ እንዲመስል ምን እናድርግ?

ዕቃው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ አሰልጣኙ "አሁን ይህን ፍታ" እያለ የሚሠራ ሥራ የሥራ ቦታ ተግባር አይደለም። በሥራ ቦታ ሰው የሚቀበለው ወረቀት ነው። ስለዚህ ለሰልጣኙ የደንበኛ ቅሬታ ያለበት የሥራ ትዕዛዝ ይሰጠው፤ "ፍሬን ስይዝ ከፊት ይጮሃል" የሚል ቢሆን ይበቃል። መሣሪያውን ራሱ ይምረጥ፤ ሸራውን ከዕቃ ግምጃ ቤት በመኪናው ዓይነት ጠይቆ ያውጣ፤ ያወጣው ሸራ ከአሮጌው ጋር በቅርጽ መመሳሰሉንም ራሱ ያረጋግጥ።

ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር ይግባበት። ሦስት ዓይነት ሁኔታ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል። በመጀመሪያው ሸራው ብቻ አልቋል፣ ሌላው ደህና ነው። በሁለተኛው የዲስኩ ውፍረት ከዝቅተኛው ልክ በታች ነው። በሦስተኛው አንዱ ተንሸራታች ፒን ደርቆ ይዟል። የትኛው እንደሚደርሰው ሰልጣኙ አያውቅም። ለዚህ የሚያገለግሉ ያለቁ ዲስኮችና የደረቁ ፒኖች ከወርክሾፑ ቁርጥራጭ ውስጥ ተመርጠው፣ ተለክተውና መለያ ተሰጥቷቸው ይቀመጡ። እነዚህ የተገጠሙበት መኪና ወርክሾፑ ውስጥ ብቻ የሚቆም የማሰልጠኛ መኪና መሆን አለበት፤ የመንገድ ፍተሻውም ደህና ዲስክ ባለው መኪና ይደረግ።

ሁለተኛው ሁኔታ ብዙ ቅጾችን ያጋልጣል። ትክክለኛው ሥራ እዚያ ላይ አዲሱን ሸራ መግጠም አይደለም፤ ማቆም፣ ልኬቱን መጻፍና "ዲስኩ ካልተቀየረ አይቀጥልም" ብሎ ለኃላፊው ማሳወቅ ነው። ቅጹ ይህን ካላሰበ በትክክል ያቆመው ሰልጣኝ የቀሩት ረድፎች ባዶ ስለሆኑበት ይወድቃል፤ ባለቀ ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ የገጠመው ያልፋል። ስለዚህ በሁለተኛው ማቆሚያ ነጥብ ላይ ቅጹ መንገድ ይክፈት፤ ሰልጣኙ በትክክል ካቆመ መዛኙ አዲስ ዲስክ ይሰጠውና ሥራው ከዚያ ይቀጥላል።

የጊዜ ገደቡም ከሥራ ቦታ ይምጣ። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ሥራውን በ50 ደቂቃ ከጨረሱ ሰልጣኙ ከዚያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 75 ደቂቃ ይሰጠው። በልምምዱ መጀመሪያ ላይ ግን ሰዓት አይያዝ፤ ሥራውን ሳያውቅ የተጣደፈ እጅ መዝለልን ይለምዳል።

ሰዓቱን እንዴት እናከፋፍል?

ዕቅድ በወረቀት ላይ አምሮ በሥራ ላይ የሚፈርሰው በብዛት እዚህ ነው። ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንሥራው፤ 16 ሰልጣኞች፣ 4 የሥራ ጣቢያዎች፣ 40 ሰዓት።

ምዘናው መጀመሪያ ይሰላ። ለአንድ ሰልጣኝ ሥራው 75 ደቂቃ፣ የቃል ጥያቄውና ለቀጣዩ ማዘጋጀቱ 15 ደቂቃ፣ በድምሩ 90 ደቂቃ ነው። 16 ሰልጣኝ አንድ በአንድ ቢመዘን 24 ሰዓት ይወስዳል። ብዙ ዕቅዶች ላይ ግን "ምዘና፦ 2 ሰዓት" ተብሎ እናገኛለን። በ2 ሰዓት 16 ሰው ይህን ሥራ ሠርቶ ሊያሳይ ስለማይችል በመጨረሻ የሚሆነው አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ያያሉ፣ ሁሉም ብቁ ይባላሉ። በማቆሚያ ነጥቦቹ እየታገዙ፣ አጀማመራቸውን በ20 ደቂቃ ልዩነት አድርጎ፣ አንድ መዛኝ ሁለት ሰልጣኝ ጎን ለጎን ማየት ይችላል። ያኔ ምዘናው ወደ 12 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ሦስት ሰልጣኝ ጎን ለጎን ግን አንመክርም፤ ማቆሚያ ነጥቦቹ ይጋጩና ሰልጣኙ ቆሞ ይጠብቃል ወይም ሳይታይ ያልፋል።

ቀጥሎ ልምምዱ ይሰላ። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከምዘናው በፊት ሥራውን ቢያንስ 3 ጊዜ ዋና ሠራተኛ ሆኖ ይሥራ። በአንድ ጣቢያ 4 ሰልጣኝ አለ፤ አንዱ ዋና ሠራተኛ፣ አንዱ ረዳት፣ አንዱ ዕቃና ማንዋል አቅራቢ፣ አንዱ የምዘና ቅጹን ይዞ ተመልካች። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ እንዲመሩ 4 ዙር ያስፈልጋል። በመጀመሪያው መፈራረቅ አሰልጣኙ ስለሚያግዝ ለዙሩ 2 ሰዓት፣ ለአራቱ 8 ሰዓት ይያዝ። በሁለተኛው ሰልጣኙ የእርምጃ ወረቀት አይቶ በ90 ደቂቃ ይሠራል፤ አራቱ 6 ሰዓት። በሦስተኛው ወረቀትም እርዳታም የለም፤ 75 ደቂቃ፣ አራቱ 5 ሰዓት። የልምምዱ ድምር 19 ሰዓት ነው።

ከ40 ሰዓት ውስጥ ልምምድና ምዘና 31 ሰዓት ተኩል ወሰዱ። ለመግቢያ፣ ለአሰልጣኙ ማሳያና ለአስፈላጊው ዕውቀት 5 ሰዓት ተኩል፣ ለድጋሚ ምዘና 3 ሰዓት ይተርፋል። ድጋሚ ምዘናው 4 ሰልጣኝ ያህል ያስተናግዳል። ጥብቅ ነው፤ ይህን ከጅምሩ ማየቱ ግን ይበጃል፤ ጣቢያው 2 ብቻ ከሆነ ያው ልምምድ 38 ሰዓት እንደሚፈልግ፣ በ40 ሰዓት አሃዱ እንደማይሆንም ወዲያው ይታያል። ያን ጊዜ ሰዓት ይጨመር ወይም ቡድኑ ይከፈል እንጂ ልምምዱ አይቀነስ።

በምዘናው ሰዓት የቀሩት 14 ሰልጣኞች ሥራ ይሰጣቸው፤ ቦታቸውም ከምዘናው ጣቢያ ይራቅ። አጠገብ ከቆሙ የትኛው መኪና ላይ ያለቀ ዲስክ እንዳለ ከመጀመሪያው ሁለት ሰው በኋላ ሁሉም ያውቃል። ሁኔታዎቹን በየዙሩ ከጣቢያ ጣቢያ ማፈራረቅም ለዚሁ ነው።

አንድ ጊዜ ሠርቶ ማሳየቱ ይበቃል?

አይበቃም። አንድ ጊዜ የተሳካ ሥራ ዕድል ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ሁለት የተለያየ ቀን፣ በሁለት የተለያየ ሁኔታ የተሠራ ማስረጃ ይያዝ። ሁለተኛው ማስረጃ የግድ ሌላ ሙሉ ምዘና መሆን የለበትም። ያለ እርዳታ የተሠራው ሦስተኛው ልምምድ በዚያው ቅጽ በአሰልጣኙ ተሞልቶ ቢቀመጥ ወይም ሰልጣኙ በትብብር ስልጠና ወቅት በድርጅት ውስጥ የሠራው በሱፐርቫይዘሩ ፊርማ ቢመጣ ያገለግላል። የድርጅቱ ወረቀት "ፍሬን ሠርቷል" ብቻ ካለ ግን ማስረጃ አይሆንም። ቀኑን፣ የመኪናውን ዓይነት፣ የለካውን የዲስክ ውፍረት፣ ሥራውን ብቻውን ወይስ ከሌላ ሰው ጋር መሥራቱን ይያዝ።

ሁለት መዛኞች በአንድ ሰልጣኝ ላይ ቢለያዩ?

ከምዘናው በፊት ሁለቱም አንድ ሰልጣኝ ሲሠራ ለየብቻ ይሙሉና ቅጾቹን ረድፍ በረድፍ ያስተያዩ። የተለያዩበት ረድፍ ሲገኝ ማን ልክ ነው ብሎ መከራከሩ አይጠቅምም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የረድፉ አጻጻፍ ነው። "ፒኖቹን ያጸዳል" የሚለው ላይ አንዱ ሰልጣኙ በጨርቅ መጥረጉን ተቀብሎ ሌላው ካልተቀበለ ረድፉ "አሮጌውን ግሪስ ሙሉ በሙሉ አንስቶ አዲስ ይቀባል፤ ፒኑ በእጅ ሲገፋ ሳይያዝ ይንሸራተታል" ተብሎ ይታረም።

ገና ብቁ ያልሆነውን ሰልጣኝ ከየት እናስጀምረው?

እንደ ጉድለቱ ነው። ማይክሮሜትር ማንበብ ካቃተው ሙሉውን ሥራ መድገሙ አይረዳውም፤ 5 የተለያዩ ዲስኮች ይሰጡትና እስኪያስተካክል ይለካ፤ ከዚያ የልኬቱ ክፍል ብቻ ይመዘን። ፔዳሉን የረሳ ወይም ካሊፐሩን በቱቦው ላይ ያንጠለጠለ ግን ሙሉ ሥራውን ይድገም። እጁ ማድረግ ሳይችል ቀርቶ ሳይሆን በሥራው ጥድፊያ መሀል ረስቶት ነውና፣ ለብቻው ተነጥሎ ቢጠየቅ ሁሌም ያደርገዋል።

ግብረ መልሱ ረድፉን ይጥቀስ። "ተለማመድ" የሚል ቃል ለሰልጣኙ የሚነግረው የለም። "ዲስኩን የለካኸው ከንፈሩ ላይ ነው፣ ስለዚህ 22.4 አገኘህ፤ ትክክለኛው 21.7 ነው" ማለት ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል።

ቅጹ ራሱ እንደሚሠራ እንዴት እንፈትን?

ለሰልጣኞች ከመቅረቡ በፊት በሁለት ሰው ላይ ይሞከር፤ ሥራውን አሳምሮ በሚያውቅ መካኒክና ገና በጀመረ ተለማማጅ። ጎበዙ መካኒክ የወደቀበት ረድፍ ካለ ወይ መስፈርቱ ሥራው የማይፈልገውን ይጠይቃል፣ ወይ መካኒኩ በልማድ የሚዘለው አደገኛ ነገር አለ። ሁለተኛው ከሆነ ረድፉ ይቆይ። ጀማሪው ሁሉንም አልፎ ከሆነ ውሳኔ የሚጠይቁት ረድፎች ጎድለዋል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚገኘው በልኬቱና ባልተጠበቀው ሁኔታ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ቡድን በኋላም ቅጾቹ ተሰብስበው ረድፍ በረድፍ ይቆጠሩ። ከ16ቱ 12ቱ የወደቁበት ረድፍ ካለ ወደ ልምምዱ ተመልሶ ያ ነገር በማሳያው ላይ መታየቱን፣ መሣሪያውም ለሁሉም መድረሱን ማጣራት ያስፈልጋል። አንድ ማይክሮሜትር ለአራት ጣቢያ ከሆነ የዲስክ ልኬት ላይ ብዙዎች ቢወድቁ ምክንያቱ ሰልጣኞቹ አይደሉም።